ለደብራችን 50ኛ ዓመት እንግዶችን እንድቀበል ታዘዝኩ፤ ምን ልበል?

ጥያቄ፦ «ሰላም ለናንተ ይሁን። የደብራችን ቅዱስ ሚካኤል 50ኛ ዓመት ኅዳር 12 ከንግሡ ጋር አብሮ ይከበራል። ሊቀ ጳጳሱ፣ የወረዳ ኃላፊዎችና የአጎራባች አድባራት ካህናት ይመጣሉ። ሰበካ ጉባኤው አጭር የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር አዘጋጅ ብሎኛል። ከየት ልጀምር?»

ወንድሜ፣ ብዕር ከማንሳትህ በፊት መርሐ ግብር መሪውን ጠይቀው፤ የምትናገረው ታቦቱ ሳይወጣ ነው ወይስ ወጥቶ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ከቆመ በኋላ? ከወጣ በኋላ ከሆነ ታቦቱን በራሱ ላይ የተሸከመው ካህን ቆሞ ነው የሚሰማህ። ሕዝቡም ፀሐይ ላይ ነው፤ ወረቡ፣ ስብከቱና ቃለ ምዕዳኑ ደግሞ ገና ይቀራሉ። ሁለት ደቂቃ ይበቃሃል። ጃንጥላ የያዙት ዲያቆናት እጅ መቀያየር ከጀመሩ አርዝመሃል ማለት ነው። እኔ በሰበካ ጉባኤ ጸሐፊነቴ ይህን ሥራ ደጋግሜ ስለሠራሁ፣ ምርጫው የኔ ቢሆን ታቦቱ ሳይወጣ እንዲያልቅ አደርጋለሁ።

ሁለተኛው ነገር ዓመቱ ነው። 50 ዓመት የሚቆጠረው ከምን ጀምሮ ነው? ብዙ ደብር ሦስት ዓመተ ምሕረት አለው፤ መሠረቱ የተጣለበት፣ ታቦቱ መቃኞ ውስጥ የገባበትና ሕንፃው አልቆ ቅዳሴ ቤቱ የተከበረበት። ለምሳሌ መሠረቱ በ1967፣ ታቦቱ የገባው በ1969፣ ቅዳሴ ቤቱ በ1974 ከሆነ፣ በ2019 የሚከበረው 50ኛ ዓመት ታቦቱ የገባበት ነው። «ቤተ ክርስቲያናችን የተሠራችበት 50ኛ ዓመት» ብትል ድንጋይ የተሸከሙት ሽማግሌዎች እዚያው ማጉረምረም ይጀምራሉ። ደብሩ መዝገብ ካለው እሱን እይ፣ ከዚያ ሁለት ሽማግሌ ለየብቻ ጠይቅ።

አጠራሩ ላይ ከሊቀ ጳጳሱ ጀምር፤ ባለሥልጣን ቢኖርም አባቶች ይቀድማሉ። ለሊቀ ጳጳስ «ብፁዕ» ነው፣ «ብፁዕ ወቅዱስ» የፓትርያርኩ ብቻ ነው፤ ከመደናገጥ የተነሣ ሁለቱን የሚያቀላቅል አይጠፋም። ሙሉ ስማቸውንና የሀገረ ስብከታቸውን አጠራር ከጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ ውሰድ። ካህናቱንና ኃላፊዎቹን ግን በጅምላ ጥራ። አንዱን በስሙ ከጠራህ ሌላው ይቀየማል።

እኔ ብሆን እንዲህ እል ነበር፦

«በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። ብፁዕ አባታችን አቡነ እገሌ፣ የሀገረ ስብከታችን ሊቀ ጳጳስ፤ ክቡራን አባቶች ካህናት፤ ክቡራን የመንግሥት ኃላፊዎች፤ ከቅርብም ከሩቅም የመጣችሁ እንግዶቻችን፤ የተወደዳችሁ ምዕመናንና ምዕመናት፣ እንኳን ለመልአኩ ለቅዱስ ሚካኤል ዓመታዊ በዓልና ታቦቱ ወደዚህ ደብር ለገባበት 50ኛ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ፤ እንኳንም ደህና መጣችሁ። በ1969 ዓ.ም. የታቦቱ ማረፊያ ጭቃ ግድግዳ፣ ሣር ክዳን የሆነ መቃኞ ነበር። ጭቃውን ያቦኩ አባቶች፣ ውኃውን በእንስራ ያመላለሱ እናቶች ዛሬም ከፊት ተቀምጠዋል፤ ዕድሜ ይስጥልን። ለሕንፃው ድንጋይ በማጓጓዝ ያገዙን የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ልጆችም መጥተውልናል፤ እናመሰግናለን። ታቦቱ ወደ መንበሩ ከተመለሰ በኋላ በሰንበቴው አዳራሽ ጠበል ጸዲቅ ተዘጋጅቷልና ሳትቀምሱ እንዳትሄዱብን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።»

ዓመቱን፣ መቃኞውንና የረዱትን ሰዎች በእናንተው ታሪክ ተካው። ሽማግሌዎቹን ስታነሣ እልልታ ይመጣል፤ ዝም ብለህ አሳልፈው፣ በላዩ ላይ አትናገር። የለጋሾችን ስም ዝርዝርና የገንዘቡን ነገር ለሰበካ ጉባኤው ሪፖርት ተውለት። «እዚህም ላይ ትንሽ አንሣልን» የሚልህ ሰው አይጠፋም፤ እንግዳ ግን እንኳን ደህና መጣህ ከተባለ በኋላ ወዲያው ገንዘብ ሲነሣበት የተጠራበትን ምክንያት ይጠራጠራል።

«ሳትቀምሱ እንዳትሄዱ» ለማለት ደግሞ የድግሱን ክፍል አስቀድመህ አጣራ። ሙስሊም እንግዶች ካሉ ራሳቸው ያረዱት ሥጋ ለብቻው መዘጋጀቱን፣ ካልተዘጋጀም የሚበቃ የጾም ወጥ መኖሩን እወቅ፤ ያለዚያ ግብዣህ ማሳፈር ይሆናል።

ወረቀቱን በትልልቅ ፊደል አጽፈው፣ ነፋስ እንዳይወስደው በወፍራም ካርቶን ላይ ለጥፈው። ስትጨርስ ማይኩን ለመርሐ ግብር መሪው መልስ፤ ቀጣዩን ተናጋሪ የሚጠራው እሱ ነው። የዘለልከው እንግዳ ትዝ ቢልህም ስሙን በቁራጭ ወረቀት አድርሰው፣ ከቃለ ምዕዳኑ በፊት ያስገባልሃል። ሊቀ ጳጳሱ ከባረኩ በኋላ ማንም አይናገርም።