75፣ 65 ወይስ 58? ወደ ጎን የሸሸ ጣራ ስፋት በክሮስ ፕሮዳክት

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ እዚህ ጅማ ውስጥ ከአንድ የቡና መጋዘን ጎን የምትቀጠል፣ ወደ አንድ ወገን ብቻ የምታዘነብል ጣራ ይዣለሁ። ቦታው ቀጥ ያለ አይደለም፣ አጥሩ ወደ ጎን ይሸሻል። የጣራውን ማዕዘኖች ከወለሉ ተነስቼ በሜትር ለካሁ። ምሥራቅ፣ ሰሜን፣ ከፍታ ብለህ አንብበው፦ ሀ (0, 0, 3)፣ ለ (10, 2, 3)፣ መ (1, 6, 5)። ሁለቱን ጎኖች ሳባዛ 65.3 ካሬ ይመጣል። ፕላኑ ላይ 58 ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ወንድሜ በክሮስ ፕሮዳክት ሥራው አለኝ፣ ስሠራው ደግሞ 75 ወጣ። ለቆርቆሮው የቱን ልያዝ?»

ሦስቱንም አትያዝ። የጣራህ ስፋት 61.5 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ወንድምህ ያሳየህ መንገድ ልክ ነው፣ የተበላሸው የከተትክበት ቁጥር ነው።

መጀመሪያ 75 እንደማይሆን በምን እንደሚታወቅ ልንገርህ፣ ምክንያቱም ይህችን ካወቅክ ሌላ ጊዜ ማንንም ሳትጠይቅ ስህተቱን ራስህ ትይዘዋለህ። የጎነ ትይዩ (ፓራለሎግራም) ስፋት ከሁለቱ ጎኖች ብዜት በፍጹም ሊበልጥ አይችልም። እኩል የሚሆነውም ማዕዘኑ ስኩዌር ሲሆን ብቻ ነው። ጎኖቹ ወደ ጎን በሸሹ ቁጥር ስፋቱ ይቀንሳል፣ ጎኖቹ ግን እንዳሉ ናቸው። ስለዚህ 65.3 የመጨረሻው ወሰን ነው፣ ከዚያ በላይ የለም። ከታች ደግሞ ፕላኑ ይይዝሃል። ያዘነበለ ነገር ፀሐይ በአናት ስትሆን መሬት ላይ ከሚያርፈው ጥላው አያንስም። እንግዲህ እውነተኛው መልስ በ58 እና በ65.3 መካከል የሆነ ቦታ መሆን አለበት። 75 ከውጭ ነው።

ታዲያ 75 ከየት መጣ? ቁጥሮችህን ይዤ ሄድኩበት። የማዕዘን ለን (10, 2, 3) እና የማዕዘን መን (1, 6, 5) እንዳሉ ወስደህ ክሮስ ስታደርጋቸው (−8, −47, 58) ይሰጣል። እንደ ስፋት የሚወሰደው የዚህ ቬክተር ርዝመት ነው፣ እሱም 75.08 ነው። ያገኘኸው ይህንን ነው።

ችግሩ እነዚህ ቁጥሮች የጎን ቬክተር አለመሆናቸው ነው። የማዕዘን ቦታ ናቸው። 3 እና 5 የሚሉት ከወለሉ እስከ ጣራው ያለውን ቋሚ ቁመት ይዘዋል፣ አንተ ደግሞ የምትፈልገው ከአንዱ የጣራ ማዕዘን ወደ ሌላው ያለውን ነው። እንደዚያ ስታሰላ የለካኸው ጣራህን ሳይሆን ከወለሉ ተነስቶ ወደ ለ እና ወደ መ የተዘረጋ ሌላ ቅርጽ ነው። ያ ቅርጽ ሜዳ ላይ የለም።

ያታለለህ ነገርም ይገባኛል። ሦስተኛው ቁጥር 58 ሆኖ ከፕላኑ ጋር ገጠመልህ፣ ልክ ነኝ አልክ። የገጠመው ግን ማዕዘን ሀን በወለሉ ላይ 0, 0 ስላደረግኸው ነው። ሦስተኛው ቁጥር ከፍታን ጨርሶ አያይም፣ ምሥራቅና ሰሜንን ብቻ ነው የሚያባዛው። ስለዚህ የከፍታ ስህተት በእሱ ላይ አይታይም።

አሁን በደንቡ እንሥራው። አንድ ማዕዘን ምረጥ፣ ሀ ይሁን። ከሌሎቹ ሁለት ጎረቤት ማዕዘኖች ላይ ሀን ቀንስ። ቅነሳው በየረድፉ ነው፣ ከፍታውም አብሮ ይቀነሳል።

```
u = ለ − ሀ = (10, 2, 0)
v = መ − ሀ = (1, 6, 2)

1ኛ:  2×2 − 0×6  = 4
2ኛ:  0×1 − 10×2 = −20
3ኛ:  10×6 − 2×1 = 58

u × v = (4, −20, 58)
```

የመሐለኛዋ ረድፍ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። 1ኛውን ስትሠራ የመጀመሪያዎቹን ቁጥሮች በእጅህ ሸፍን፣ የቀሩትን በመስቀል አባዝተህ ቀንስ። 3ኛውም እንዲሁ፣ የመጨረሻዎቹን ሸፍን። 2ኛው ላይ ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፣ ከሦስተኛው ተነስተህ ወደ መጀመሪያው ነው የምትዞረው። ከፈራህ እንደ ሌሎቹ ሥራውና መጨረሻ ላይ ምልክቱን ገልብጥ። ለስፋት ብቻ ከሆነ የምልክቱ ስህተት ውጤቱን አይለውጠውም፣ ምክንያቱም በራሱ ይባዛል። አቅጣጫ ስትፈልግ ግን ያሳስትሃል።

ቀጥሎ እያንዳንዱን በራሱ አባዝተህ ደምር፦ 16 + 400 + 3364 = 3780። ስኩዌር ሩቱ 61.48 ነው። ካሬ ሜትር። አለቀ። ለሦስት ማዕዘን ሲሆን ነው በ2 የሚካፈለው፣ ለጎነ ትይዩ አይካፈልም።

ካልኩሌተርህን ከማመንህ በፊት አንድ ማረጋገጫ አለ፣ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። የወጣው ቬክተር ለጣራው ቀጥ ብሎ የቆመ መሆን አለበት። ስለዚህ ከሁለቱም ጎኖች ጋር ረድፍ በረድፍ አባዝተህ ስትደምር ዜሮ መምጣት አለበት። ከ u ጋር፦ 40 − 40 + 0 = 0። ከ v ጋር፦ 4 − 120 + 116 = 0። ገጠመ። የመሐለኛዋን ምልክት ተሳስተህ ቢሆን ኖሮ 80 ይመጣልህ ነበር፣ ወዲያው ታየዋለህ።

ይኸው ቬክተር ሌላም ነገር ይነግርሃል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች፣ 4 እና −20፣ ውሃው የሚወርድበት አቅጣጫ ናቸው። ወደ ደቡብ፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ። አሸንዳህ የሚቀመጠው በሀ እና በለ መካከል ነው ማለት ነው፣ ይህን አንተም ታውቀዋለህ። ግን ልብ በል፣ ውሃው በጎንህ በሀ–መ ጠርዝ እየተመራ አይወርድም። ለአሸንዳው ቀጥ ብሎ ነው የሚወርደው። ቆርቆሮውም ሞገዱ በዚያው አቅጣጫ መሆን አለበት። የሸሸውን አጥር ተከትሎ ቆርቆሮ የሚያነጥፍ ሠራተኛ አይቻለሁ። ለዓይን ያምራል፣ የጅማ ክረምት ሲመጣ ግን ውሃው ሞገዱን በአግድም ይሻገርና በመደራረቢያው በኩል ቡናው ላይ ይወርዳል።

እንግዲህ ወረቀቱን ትተን ወደ ሜትር እንመለስ። ጣራው ላይ ወራጆቹ ከተመቱ በሀ–ለ መስመር ላይ ሲባጎ ወጥር። ርዝመቱ 10.20 ሜትር ይሆናል። ከዚያ ሲባጎ ላይ በስኩዌር ተነስተህ፣ በወራጁ ዝንባሌ ላይ እያስተኛህ፣ እስከ ላይኛው ጠርዝ ለካ። 6.03 ሜትር ማግኘት አለብህ። 10.20 በ6.03 ስታባዛ 61.5 ነው። ሀ–መን በራሱ ብትለካው ግን 6.40 ነው፣ 65.3 ያመጣብህ እሱ ነው። 6.40 የሸሸው ጎን ርዝመት እንጂ የጣራው ቁመት አይደለም።

ቆርቆሮው ላይ ይህን በዓይንህ ታየዋለህ። ላይኛው ጠርዝ ከታችኛው አንጻር በሲባጎው መስመር 2.16 ሜትር ወደ ለ በኩል ተንሸራቷል። ስለዚህ በአንዱ ጫፍ ሦስት ማዕዘን ትርፍ ይቆረጣል፣ በሌላው ጫፍ ያንኑ የሚያህል ሦስት ማዕዘን ይጎድላል። ሁለቱ አንድ ልክ ናቸው፣ እያንዳንዳቸው 6.5 ካሬ ገደማ። የተቆረጠውን ሳትገለብጥ፣ ሳታዞር፣ እንዳለ ወስደህ በሌላው ጫፍ ብታስገባው ይገጥማል። ቀጥ ያለ 10.20 በ6.03 ጣራ አገኘህ ማለት ነው። በተግባር ሞገዱ እንዲገጥምና መደራረቢያ እንዲተርፍ የተወሰነ ይባክናል፣ ግን ቁራጩን አትጣለው።

61.5 የጣራው ስፋት እንጂ የምትገዛው ቆርቆሮ አይደለም። ቆርቆሮው የሚሸፍነው ወርድ ከሙሉ ወርዱ ያነሰ ነው፣ መደራረቢያው ይበላዋል። ሱቁ ውስጥ ሁለት ቆርቆሮ አደራርበህ የሚታየውን ወርድ ለካና በእሱ አስላ። በርዝመት የሚቆረጥ ኢጋ ካዘዝክ ደግሞ 6.03 ላይ ወደ አሸንዳው የሚወጣውን ጨምር። ማዕዘኖቹን የለካኸው ቆርቆሮው በሚያልቅበት ጠርዝ ከሆነ ግን መጨመር አያስፈልግም፣ ይህን አንተ ነህ የምታውቀው።

የትኛውን ልኬት ደጋግመህ ማየት እንዳለብህም ልጠቁምህ። የመን ከፍታ በ10 ሳንቲ ብትስተው፣ ማለትም 5 የነበረው 5.10 ቢሆን፣ ስፋቱ 61.83 ይሆናል። ልዩነቱ ከግማሽ ካሬ በታች ነው። የመን ሰሜን በ10 ሳንቲ ብትስተው፣ 6 የነበረው 5.90 ቢሆን ግን ወደ 60.54 ይወርዳል። አንድ ካሬ ያህል ሄደ። ጣራው ያን ያህል ስላልቆመ መሬት ላይ ያለው ልኬት ነው የሚከብደው። ስለዚህ ቱንቢህን ከጣራው ማዕዘን በደንብ አውርደህ፣ ነፋስ ሲያቆም፣ ወለሉ ላይ ምልክት አድርግ። ከፍታውን በውሃ ልክ አንድ ጊዜ ብታይ ይበቃል።

አራተኛውን ማዕዘን ሐን አልጻፍክልኝም። ይህ ሁሉ ስሌት ጣራው ጎነ ትይዩ ከሆነ ነው የሚሠራው፣ ሦስቱን ማዕዘኖች ብቻ ይዘህ ደግሞ ያንን ማወቅ አይቻልም። ለን ከመ ጋር ደምርና ሀን ቀንስ፦ (11, 8, 5)። ሐ እዚያ ላይ መገኘት አለበት። ሄደህ ለካው። ጥቂት ሳንቲ ቢዛነፍ ግድ የለም። ምሥራቅና ሰሜኑ ገጥሞ ከፍታው ብቻ ሰፋ አድርጎ ከተለየ ጣራህ ተጣሟል፣ ቆርቆሮ ሳይመታ ወራጁን አስተካክል። ምሥራቅና ሰሜኑ ከተለየ ደግሞ አጥሩ ትይዩ አይደለም ማለት ነው። ያኔ ከሀ ወደ ሐ ሲባጎ ወጥረህ ጣራውን በሁለት ሦስት ማዕዘን ክፈለው፣ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ክሮስ ፕሮዳክት ሥራ፣ እያንዳንዱን በ2 አካፍልና ደምር። ሁለቱም ላይ ሀን መቀነስ እንዳትረሳ።