በቴክኒክ ያነሰው ሲያሸንፍ

«ኮምቦልቻ ውስጥ የግዥ ኮሚቴ ፀሐፊ ነኝ። በቴክኒክ ያነሰው ተጫራች በድምር አሸነፈ። ምክንያቱን ቃለ ጉባኤው ላይ እንዴት ልጻፈው?»

እህቴ፣ «የተሻለ ሆኖ ስላገኘነው» ብለሽ እንዳታልፊው። ቅሬታ ከመጣ አያድንሽም። ስሌቱን ራሱን አስፍሪው።

የጨረታ ሰነዱ ለቴክኒክ 60፣ ለዋጋ 40 ሰጠ እንበል። አንዱ በቴክኒክ ከመቶ 85 አምጥቶ 500,000 ብር አቀረበ። ሌላው 75 አምጥቶ 400,000 ብር። ቴክኒኩ ከ60 ሲሰላ 51 እና 45 ይሆናል። በዋጋ ዝቅተኛው ሙሉ 40 ያገኛል። የውዱ ደግሞ 400,000 ለ500,000 ተካፍሎ በ40 ሲባዛ 32 ነው። ድምሩ 83 ለ85።

አሸናፊው ቴክኒክ ላይ የቱ መስፈርት ላይ ነጥብ እንደጎደለው፣ ከየትኛው ገጽ እንዳያችሁት ጻፊ። ሰነዱ ላይ ያልነበረ መስፈርት ግን አታስገቢ፤ ጥሩ ቢመስልም። ያልተስማማ አባል ካለም ሐሳቡ ከነምክንያቱ ይስፈር።