የተሰነጠቀ ተረከዝ፣ ውሃ የቋጠረ እግርና ትንሽ ቁስል፦ የስኳር ታማሚዎች ጥያቄና መልስ

በጎንደር ለብዙ ዓመታት የስኳር ታማሚዎችን ቁስል ስጠርግና ሳሽግ የኖርሁ ነርስ ነኝ። ዛሬ የምመልሰው ስለ እግር ቆዳ ብቻ ነው። የመድኃኒት መጠንንና አመጋገብን ለሚከታተላችሁ ሐኪም አቅርቡ።

ከአዘዞ፦ «የእናቴ ተረከዝ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ሌሊት ሌሊት ቫዝሊን እንቀባታለን። ይበቃል?»

መልሱ በስንጥቁ ወለል ላይ ነው ያለው። እናትዎን ጠዋት መስኮት አጠገብ ያስቀምጧቸው፤ እግራቸውን ጉልበትዎ ላይ አድርገው ስንጥቁን በሁለት አውራ ጣት በቀስታ ከፈት አድርገው ይመልከቱ። ወለሉ እንደ ዳሩ ነጣ ያለና ደረቅ ከሆነ ስንጥቁ ገና በወፈረው ቆዳ ውስጥ ስለሆነ ቤት ውስጥ ሊታከም ይችላል። ወለሉ ቀይ ከሆነ፣ ከረጠበ ወይም ካልሲው ላይ የደም ነጠብጣብ ከተገኘ ግን ቁስል ነው፤ ቅባቱ ቀርቶ በንጹሕ ጎዝ ተሸፍኖ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መታየት አለበት።

ተረከዝ ለምን እንደሚሰነጠቅ ማወቅ ይጠቅማል። ስኳር ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ ስሜት የሚያደርሱት ነርቮች ብቻ ሳይሆኑ ላብ የሚያመነጩትም ይጎዳሉ፤ ስለዚህ እግሩ ላብ አጥቶ ይደርቃል፣ ተረከዙም ዙሪያውን ይወፍራል። ሰውየው በቆመ ቁጥር ከተረከዙ ሥር ያለው ሥጋ ወደ ጎን ይገፋል፤ ለስላሳ ቆዳ አብሮ ይለጠጥ ነበር፣ የደረቀው ግን መለጠጥ ስለማይችል ይተረተራል። ከኋላ ክፍት የሆነ ነጠላ ጫማ ይህን የሚያባብሰው ተረከዙን የሚደግፍ ነገር ስለሌለው ነው።

ቫዝሊን ቆዳው ውስጥ ያለውን እርጥበት ይይዛል እንጂ የወፈረውን አያለሰልስም። ስለዚህ እግሩ በለብታ ውሃ ታጥቦ፣ ሳይዘፈዘፍ፣ በፎጣ ተደርቆ ገና ለስላሳ ሳለ ወዲያው ይቀባ። ከፋርማሲ ከ10 እስከ 25 በመቶ ዩሪያ ያለው ቅባት ከተገኘ ለወፈረው ቆዳ ይሻላል፤ የተከፈተ ስንጥቅ ላይ ግን አይደረግም። ከቀቡ በኋላ ንጹሕ የጥጥ ካልሲ ያልብሷቸው። በጣቶች መሀል ምንም ቅባት አይግባ፤ እርጥበቱ እዚያ ቆዳውን ያበሰብሰዋል። የወፈረውን ቆዳ በመፈግፈጊያ ድንጋይ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ያንሱለት፤ ቅዳሜ ዕለት ቁጭ ብሎ ሁሉንም አንሥቼ ልገላገል የሚል ሰው ደም ሳያይ አይነሣም። ምላጭ ደግሞ ፈጽሞ አይነካውም።

ከማራኪ፦ «እግሬ ላይ ችግር አለ። ምን ላድርግ?»

የትኛው እግር ነው? የትኛው ቦታ? ከመቼ ጀምሮ? ቆዳው ተከፍቷል ወይስ አልተከፈተም? እነዚህን ይጻፉልኝ።

ከፒያሳ፦ «አዲስ ጫማ አድርጌ ብዙ ስሄድ ውዬ ተረከዜ ላይ ውሃ ቋጠረ። ምንም አያመኝም። ላፍስሰው?»

አያፍስሱት። አለማመሙም አያጽናናዎት፤ ጤነኛ ነርቭ ያለው ሰው ጫማው ሲፈጀው ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ ያወልቀው ነበር። እርስዎ ሳይሰማዎት ቤትዎ ድረስ መሄድዎ ራሱ ነርቭዎ እንደ ተጎዳ ሊያመለክት ይችላል።

ከማልረሳቸው አንዱን ልንገርዎ። ዕድሜው ሃምሳዎቹ አጋማሽ የሆነ፣ ስኳር ከተገኘበት 11 ዓመት ያለፈው ሰው፣ ለከተራ የተገዛ ቆዳ ጫማ አድርጎ ታቦታቱን አጅቦ እስከ ፋሲል መዋኛ በእግሩ ሄደ። ማታ ባለቤቱ ካልሲውን ስታወልቅለት ከተረከዙ በላይ የ1 ብር ሳንቲም የሚያህል ውሃ የቋጠረ ነገር አየች። በእሳት በተነካ መርፌ ቁልፍ በስተው አፈሰሱት፣ ሽፋኑን ላጡት፣ የቡና ዱቄትም ነሰነሱበት። በሦስተኛው ቀን ከላይ ደረቀ፤ ደስም አላቸው። ግን ጠዋት በባዶ ሆዱ 150 አካባቢ ይሆን የነበረው ስኳሩ 290 ደረሰ። ምግብ ይሆናል ብለው አለፉት።

በአምስተኛው ቀን ሲመጣ እግሩ ከሌላኛው ይልቅ ይሞቅ ነበር፤ መቅላቱም ከቁስሉ ጠርዝ 4 ሴንቲ ሜትር አልፏል። የቡናውን ቅርፊት በርጥብ ጎዝ አለስልሼ ሳነሣው ከሥሩ መግል ወጣ። ሐኪሙ በብረት መመርመሪያ ሲነካው አጥንት አለመድረሱ የዚያን ቀን ትልቁ ደስታችን ነበር። በፀረ ተሕዋስያን፣ በየጊዜው በሚደረግ ጠረጋና እግሩን ሳይረግጥበት በክራንች በመሄድ በዘጠነኛው ሳምንት ቆዳው ገጠመ። ጫማውን አስመጥቼ እጄን ከተትሁበት፤ ከኋላ በኩል የስፌቱ ቋጠሮ ወደ ውስጥ ወጥቶ ነበር። በመጀመሪያው ሌሊት ተሸፍኖ ጫማው ቢለወጥ ኖሮ ሁለት ሳምንት የማይፈጅ ነገር ነበር።

ስለዚህ ያልፈነዳውን ሽፋኑን ሳይነኩ፣ ጎዝ አድርገው ላላ ባለ ፋሻ ይጠቅልሉት። ሲነሣ ቆዳውን ይዞ ስለሚመጣ ፕላስተር በቀጥታ ቆዳው ላይ አይለጥፉ። ራሱ ከፈነዳ እጅዎን ታጥበው፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ አጥበው፣ የወደቀውን ሽፋን ሳይልጡ መልሰው አስተኝተው ይሸፍኑት፤ በየቀኑም ከፍተው ይመልከቱ። በሁለቱም መንገድ እስከ ነገ ድረስ ባለሙያ ይየው። መቅላት ካለ ጠርዙን በእስክሪብቶ ያስምሩበት፤ ከመስመሩ ካለፈ፣ እግሩ ከሞቀ፣ ከሸተተ፣ ከጠቆረ ወይም ትኩሳት ከመጣ በሌሊትም ቢሆን ይሂዱ። ያንን ጫማ ደግሞ መልሰው አያድርጉት።

ከሳሙና በር፦ «ሲስተር፣ ይቅርታ፣ ቁስል ነፋስ ካልነካው አይድንም። እኛ የአያቴን ከፍተን ነው ያዳንነው።»

ከጠዳ፦ «የአባቴም በቡና ዱቄት ነው የደረቀው። ሁሉ ነገር ወደ ሐኪም ቤት ከሆነ ድሮ ሰው እንዴት ይድን ነበር?»

ከሳሙና በር፦ «እኔ ቡና አላልሁም! ነፋስ ነው ያልሁት።»

ተለያዩ እንጂ አትጣሉ። ነፋስ ያሉት ወንድማችን ግማሹን ልክ ናቸው፤ በጣቶች መሀል የሚረጥበው ቆዳ መድረቅ አለበት። ተረከዝ ላይ የተከፈተ ቁስል ግን ሲደርቅ ከላይ ቅርፊት ይይዝና አዲሱ ቆዳ እንዳይሻገር ያግደዋል፤ ክፍት ሲሆንም ዝንብና አቧራ አይቀርለትም። ቡና፣ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ከካፕሱል የተፈታ ዱቄት፣ አልኮል፣ አንዳቸውም ቁስል ላይ አይግቡ። የጠዳው ወንድም አባት ስኳር ነበረባቸው?

ከጠዳ፦ «የለባቸውም። ጤነኛ ገበሬ ናቸው።»

እንግዲያው ሌላ ጉዳይ ነው።

ከአራዳ፦ «ለሠርግ እግሬን እንሶስላ ልሞቅ ነበር። ንቃቃትም ያጠነክራል ይባላል። ለስኳር ታማሚ ይከለከላል?»

እንሶስላው ራሱ እግር ሲያቆስል አላየሁም። የምፈራው ቀለሙን ነው፤ ውስጥ እግሩ ከቀላ በኋላ ከቁስል የሚመጣውን መቅላት ማን ይለየዋል? ስንጥቅ ካለብሽ እጅሽን ብቻ ሙቂ። ደግሞም በላስቲክ ታስሮ ማደሩ ቆዳውን ያበሰብሳል።

ከቀበሌ 18፦ «እግሬ ስሜት ይኑረው አይኑረው ቤት ውስጥ የማውቅበት መንገድ አለ?»

አለ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ደስ ይለኛል። ዓይንዎን ይጨፍኑ። ሌላ ሰው በሌባ ጣቱ ጫፍ የአውራ ጣትዎን፣ የመሀለኛውንና የትንሿን ጣትዎን ጫፍ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ ብቻ ይንካ፤ አይጫን፣ አይሻሽ፣ አይኮርኩር። በሁለቱም እግር ሲሆን ስድስት ቦታ ይሆናል። በተነኩ ጊዜ «ቀኝ» ወይም «ግራ» ይበሉ። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ካመለጠዎት ስሜቱ ሳይቀንስ አልቀረም፤ በክትትል ቀንዎ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ እስከዚያውም በየማታው እግርዎን ማየት አለብዎ። ሁሉም ቢሰማዎት በዓመት አንድ ጊዜ መመርመሩ አይቀርም።

ከኮሌጅ አካባቢ፦ «እኔም ሞክሬዋለሁ። እግሬን ፍል ውሃ ውስጥ ከትቼ ስላልተሰማኝ ጠንካራ እግር እንዳለኝ አወቅሁ።»

ወንድሜ፣ ያነበቡት ሌላ ነው፤ እኔ ያልሁት በጣት መንካት ነው። አሁኑኑ ካልሲዎን አውልቀው እግርዎን ይዩ። የቀላ ወይም ውሃ የቋጠረ ቦታ ካለ ቃጠሎ ነው፤ ነገ ሳይሉ ዛሬ ይታዩ። ውሃ በክርን ይለካል እንጂ በእግር አይለካም። በክረምት ብርድ እግራችሁን ለከሰል ምድጃ የምትዘረጉም ይህ ይመለከታችኋል።

ከፒያሳ (ሌላ ሰው)፦ «ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ጫማ እናወልቃለን። ምን ይደረግ?»

ወፍራም ንጹሕ ካልሲ ያድርጉ፤ ቀትር ላይ ፀሐይ የበላው ድንጋይ ላይ አይቁሙ፤ ሲወጡ ጫማዎን ከማድረግዎ በፊት በእጅዎ ውስጡን ይዳብሱ፣ ጠጠር ያራግፉ።

ከአራዳ፦ «በእኛ ደብር ካልሲም ያስወልቃሉ።»

ከሳሙና በር፦ «ማን ይከለክላል? እኔ በካልሲ አስቀድሳለሁ፣ ማንም አልተናገረኝ።»

ይህን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ጨርሱት፤ የእኔ ሥራ ወደ ቤት ስትመለሱ እግራችሁ ታይቷል ወይ ብሎ መጠየቅ ነው።

ከማራኪ፦ «ቁስል ላይ ምን ዓይነት ዱቄት ይሻላል?»

ከላይ ተጽፏል። ምንም ዱቄት የለም።

ከአዘዞ፦ «ሲስተር፣ እንዳሉኝ እናቴን መስኮት አጠገብ አስቀምጬ አየሁት። አንደኛው ስንጥቅ ወለሉ ቀይ ነው፤ ጎዙን ሳነሣው ትንሽ ቢጫ ነገር ይዞ መጣ። እርሷ ግን አያመኝም፣ ከዚህ እስከ ቀጠሮዬ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው የቀረው ትላለች።»

ቀጠሮው ይቆይ፤ ዛሬ ከሰዓት በፊት ይውሰዷቸው። በባጃጅ ያድርሷቸው፣ በዚያ እግር አያስኪዷቸው። የስኳር መከታተያ ደብተራቸውንና የሚያዘወትሩትን ጫማ ይዘው ይሂዱ፤ የቴታነስ ክትባት መቼ እንደ ተከተቡም አስታውሰው ይንገሩ። መዝጋቢው ተራ ጠብቁ ቢላችሁ «ስኳር አለባት፣ እግሯ ላይ ቢጫ የሚያወጣ ቁስል አለ» በሉት፤ «ተረከዟ ተሰነጠቀ» ካላችሁት እስከ ማታ ያስቀምጣችኋል።

ከአዘዞ፦ «ባጃጅ ጠርቻለሁ።»