አንገታችሁን ጠይቁ

ይድረስ ለእናንተ፣ ሳሎኔ ገብታችሁ ገና ሳትቀመጡ «እትዬ፣ እኔ ዋርም ነኝ ወይስ ኩል?» ለምትሉኝ የጅማ ልጆች።

መጀመሪያ ጊዜ ይህን ጥያቄ የሰማሁ ቀን ዓይኗን ልትኳል የመጣች መስሎኝ ብልቃጡን አንስቼ ነበር። አሁን ለምጄዋለሁ። ግን ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ በአምፖል አይቼ፣ በአንድ ቃል የምመልሰው ነገር አይደለም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍላችሁ። የማወራው ከቆዳችሁ ቀለም ጋር የሚገጥም ፋውንዴሽን ስለ መምረጥ ነው፤ ገንዘባችሁም ፊታችሁም በብዛት የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን አንዲት ጠይም ሙሽራ መጣችልኝ። ቤተሰቦቿ «ትንሽ ፈካ አድርጊያት» አሉኝ። እኔም እሺ ብዬ ከቆዳዋ አንድ ደረጃ የቀላ፣ ወደ ሮዝ የሚያደላ ፋውንዴሽን መረጥኩ። ገና ሳይነጋ ነው የጀመርነው፤ በነጭ አምፖል ሥር ሆኜ ሳያት አማረችኝ። ከነጋ በኋላ በሩን ከፍተን ስትወጣ ግን ፊቷ ቡን ብሏል። አንገቷ ወርቅ የመሰለ ጠይም ነው፣ ፊቷ አመድ። አክስቷ አየቻትና «ልጄን ወፍጮ ቤት ነው እንዴ የወሰዳችኋት?» አለች። መኪናው ውጭ ጥሩምባ እየነፋ አጥቤ እንደገና ጀመርኩ።

ለምን አመድ ሆነች? ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው የገባኝ። የፋውንዴሽን ቀለም በአብዛኛው ከአራት ነገር ይሠራል፤ ከነጭ፣ ከቢጫ፣ ከቀይና ከጥቁር። ነጩ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ይባላል። ሦስቱ የብረት ኦክሳይድ ናቸው፤ ዝገት ማለት ነው፣ ግን ንጹሕ ሆኖ የተዘጋጀ። ፋውንዴሽኑ በፈካ ቁጥር ነጩ ይበዛል። ነጭ ነገር ቡናማ ቆዳ ላይ ስስ ሆኖ ሲተኛ ደግሞ ወደ ግራጫ ይሄዳል። የእኔ ሙሽራ ቆዳ ከሥሩ ቢጫ ነበረው። እኔ የደረብኩባት ነጭ የበዛበት፣ ቢጫ ያነሰው ነው። ሁለት ስህተት በአንድ ብልቃጥ። ስለዚህ ፊታችሁ አመድ ከመሰለ ጥፋቱን ፓውደሩ ላይ ብቻ አትጣሉ።

አሁን ስለ ቃላቶቻችን። ጥቁር፣ ጠይም፣ ቀይ ዳማ፣ ቀይ እንላለን። ጥሩ ቃላት ናቸው፣ ግን በዋናነት የሚነግሩን ቆዳው ምን ያህል እንደጠቆረ ወይም እንደፈካ ነው። «ቀይ ናት» ስንል ከሥር ቀይ አላት ማለታችን አይደለም። እናንተ የምትጠይቁኝ አንደርቶን ሌላ ነገር ነው፤ ከላይኛው ቀለም ሥር ሆኖ የሚታየው ዝንባሌ ነው። ወደ ቢጫ፣ ወደ ወርቅ ወይም ወደ ብርቱካን ካደላ ዋርም። ወደ ሮዝ፣ ወደ ቀይ ወይም ወደ ሰማያዊ ካደላ ኩል። ወደ የትም ካላደላ ኒውትራል። የአንድ እናት ልጆች የሆኑ ሁለት ጠይም እህትማማቾች ሠርቼ አውቃለሁ፤ እኩል ጠይም ናቸው። አንዷ ማር ናት፣ ሌላዋ የበሰለ እንጆሪ። ያንዷን ብልቃጥ ሌላዋ ስትቀባው ፊቷ ከሰውነቷ ይለያል። ጥቁር ሁሉ ኩል ነው፣ ቀይ ሁሉ ዋርም ነው የሚለውንም እርሱት። በጣም ጥቁር ሆና እንደ ወርቅ የምታበራ አለች፣ ቀይ ሆና ሮዝ የሆነችም አለች።

ስልካችሁ ላይ የምታዩትን የደም ሥር ሙከራም አውቃለሁ። የእጃችሁን አንጓ ገልብጣችሁ «አረንጓዴ ከሆነ ዋርም፣ ሰማያዊ ከሆነ ኩል» የሚለው። ለነጭ ቆዳ ሊሠራ ይችል ይሆናል። የእኛ ቆዳ ግን ራሱ ቡናማ ነው፤ በቡናማ ውስጥ ሲታይ የብዙዎቻችን ደም ሥር አረንጓዴ ይመስላል። እሱን ያመነች ሁሉ ዋርም ነኝ ብላ ትሄዳለች። ወርቅና ብር የማስቀመጡ ሙከራም ብዙ አይረዳኝም፤ እዚህ አገር «ወርቅ አይሄድብኝም» የምትል ሴት እስካሁን አልገጠመችኝም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ባለፈው ክረምት የሠራኋትን አንዲት ሚዜ ልንገራችሁ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፣ ጠይም። መርካቶ ሄዳ ሁለት ጊዜ ገዝታ ሁለቱንም ጠልታቸዋለች። የመጀመሪያውን እጇ ላይ ነው የሞከረችው። እጅ ፀሐይ የመታው ነው፣ የእሷ ደግሞ የሂና ቀለም ገና አልለቀቀውም ነበር። ሁለተኛውን ከሱቁ ሰማያዊ ሸራ ሥር ቆማ መረጠችው። በሰማያዊ ሸራ ሥር ማን ፊቱን ያውቃል? ብርሃኑ ራሱ ቀለም አለው።

ፊቷን በለብ ያለ ውኃ አጠብኳትና አሥር ደቂቃ ያህል ዝም ብላ እንድትቀመጥ አደረግኩ። በፎጣ የታሸ ፊት ደም ይሰበስባል፤ ያኔ ካያችሁት ሁሉም ሰው ቀይ መስሎ ይታያል። ቀይ ሻርፕ አድርጋ ነበር፣ አስወለቅኳትና ነጭ ነጠላ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግኩ። ቀይ ጨርቅ አገጭ ሥር ቀይ ይረጫል። ነጠላው ግን አጥበው አጥበው ቢጫ የመታው መሆን የለበትም። ከዚያ በር ላይ አወጣኋት፣ ፀሐይ ላይ ሳይሆን ጥላ ውስጥ። እንዲያውም የጅማ ክረምት ለዚህ ሥራ ምቹ ነው። ደመናው ብርሃኑን ያስተካክለዋል፣ ፊት ላይ ጥላ አይጥልም።

ሦስት ብልቃጥ አነሳሁ። እዚህ ጋ ልብ በሉ፤ ሦስቱም እኩል የጠቆሩ ናቸው፣ የሚለዩት በአንደርቶን ብቻ ነው። አንዱ ፈካ፣ አንዱ ጠቆር ያለ ከሆነ ዓይናችሁ የሚያወዳድረው ጥቁረቱን ነው፤ ቢጫና ሮዙን አያይላችሁም። ከመንጋጋዋ ጀምሬ ወደ አንገቷ የሚወርዱ ሦስት መስመሮች ጎን ለጎን ቀባኋት፣ ስስ አድርጌ። ጉንጭና ግንባር አይሆኑም። የብዙዎቻችን ግንባርና የአፍ ዙሪያ ከመሐል ፊታችን ይጠቁራል፤ አንገትና ደረት ግን አይዋሹም። ፎቶ ላይም ፊታችሁ ጎን የሚቆሙት እነሱ ናቸው።

ቶሎ መፍረድ የለም። አሥራ አምስት ደቂቃ ጠበቅን፣ ሻይ አስመጣሁ። ፋውንዴሽን ሲደርቅና ከቆዳ ወዝ ጋር ሲገናኝ ይለወጣል፤ ብዙው ይጠቁራል፣ አንዳንዱ ወደ ብርቱካን ይሄዳል። ሱቅ ውስጥ «ልክ የእኔ» ያላችሁት እቤት ስትደርሱ ካሮት የሚሆንባችሁ በዚህ ነው።

ስንመለስ የኩሉ መስመር ግራጫ ሆኖ ቆሟል፣ ከሩቅ ይታያል። የዋርሙ ትንሽ ብርቱካን ሆኗል። የኒውትራሉ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም፣ ግን ጠርዙ ላይ ቀዝቀዝ ያለ ነገር አለው። የምንፈልገው የሚጠፋውን ነው፤ የሚያምረውን አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ ልጆች ትሳሳታላችሁ፣ መስመሩ ራሱ አምሮ ከታያችሁ ገና አልገጠመም ማለት ነው። እሷ በሁለቱ መካከል ነበረች። እጄ ጀርባ ላይ ከኒውትራሉ ሁለት ጠብታ፣ ከዋርሙ አንድ ጠብታ ቀላቅዬ አራተኛ መስመር ቀባሁ። እሷ በመስታወት ፈለገችው፤ «የታል?» አለችኝ። በቃ፣ ተገኘ። በፕላስተር ላይ «ሁለት ለአንድ» ብዬ ጽፌ ብልቃጡ ላይ ለጠፍኩላት።

ብልቃጥ ስለ ማንበብም አንድ ነገር። ብዙ ጊዜ ደብልዩ ዋርም፣ ሲ ኩል፣ ኤን ኒውትራል ነው። ግን ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። ለምሳሌ የማክ ብልቃጥ ላይ ኤንሲ የሚለው ወርቃማና ቢጫ ለሚያደላ ቆዳ ነው፣ ኤንደብልዩ ደግሞ ሮዝ ለሚያደላ። የሌላውን ለምዳ የመጣች ልጅ ተገላቢጦሽ ትገዛለች። ፊደሉን ለመነሻ ያዙት፣ ውሳኔውን ለመንጋጋችሁ ተዉት። የስልክ ፎቶም አይፍረድ፤ ካሜራው ቀለሙን በራሱ ያስተካክላል፣ አንድ ፊት በሁለት ስልክ ሁለት ሰው ነው።

ሊፕስቲክ ላይ እንዲህ አልጨነቅም። ፋውንዴሽን መጥፋት አለበት፣ ሊፕስቲክ መታየት አለበት፤ ስለዚህ ሰፋ ያለ ነፃነት አላችሁ። ቀይ ከፈለጋችሁ ዋርም የሆነችዋ ወደ ብርቱካን ወይም ወደ ሸክላ የሚያደላውን፣ ኩል የሆነችዋ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላውን ትሞክር። ሁለት ቀይ ከንፈር ለሁለት ከፍላችሁ ቀቡና በር ላይ ውጡ። ጥርሳችሁን ያነጣውና ዓይናችሁን ያነቃው የእናንተ ነው። የላይኛው ከንፈራችሁ ከታችኛው ከጠቆረ ያው ሊፕስቲክ ሁለት ቀለም ይሆናል፤ መጀመሪያ ከንፈሩ ላይ ትንሽ ፋውንዴሽን መታ መታ ማድረግ ያስተካክለዋል።

አንድ ቦታ ላይ ግን እኔም እጄን እሰጣለሁ። ፊቷን በማንጫ ክሬም ስትቀባ የከረመች ልጅ ስትመጣ መስመር መሞከሩ አይሠራም። ጉንጯ ሌላ፣ የዓይኗ ዙሪያ ሌላ፣ አንገቷ ሌላ ነው። የትኛውን ልግጠም? እንዲህ ያለችውን ክሬሙን ለቆዳ ሐኪም እንድታሳይ እነግራታለሁ፣ ለዕለቱም ከአንገቷ ጋር የሚሄድ እቀባታለሁ፤ ሁሉም ቦታ ላይ ይገጥማል ብዬ አላታልላትም።

ያቺ ሚዜ መጋቢት ላይ ተመለሰች። በጋውን ሙሉ ፀሐይ መትቷታል፣ ጠቁራለች። «እትዬ፣ ቀለሜ ተለወጠ፤ አሁን ኩል ሆኛለሁ መሰለኝ» አለች። ነጠላውን አወጣሁና በር ላይ ወጣን። ከሁለቱም ብልቃጥ አንድ አንድ ደረጃ ጠቆር ያለውን አነሳሁ፤ ኒውትራል ሁለት፣ ዋርም አንድ። መስመሩ ጠፋ። ብልቃጦቹን ለወጥንላት፣ ፕላስተሩን ግን ከአሮጌው ላይ ልጣ ራሷ አዲሱ ላይ ለጠፈችው።