ጀበናው ታቹ ለምን ይሰነጠቃል? አሟሽቶ በጋዝም በከሰልም ማቆየት

«የገዛሁት ጀበና ሁለት ሳምንት እንኳን ሳይሞላው ታቹ ተሰነጠቀ። የማፈላው በጋዝ ምድጃ ነው። አሁን ሌላ ገዝቻለሁ፤ ግን ፈርቼ እስካሁን አልጣድኩትም። እንዴት ነው የሚሟሸው? በምንስ ይታጠባል? ወይስ ጀበና ለከሰል ብቻ ነው?»

እህቴ፣ ጋዝ በራሱ ጀበና አይሰነጥቅም። የሚሰነጥቀው አንዱ ጎን ግሎ ሌላው ቀዝቃዛ ሆኖ ሲቀር ነው። ሸክላ ሲሞቅ በዓይን የማይታይ ያህል ይለጠጣል። ታቹ ተለጥጦ ሆዱ ገና ካልሞቀ እርስ በርስ ይጓተታሉ። ሸክላ ደግሞ መተጣጠፍ አያውቅም፤ ቋ ይላል።

ሁለተኛው ጠላት እርጥበት ነው። የእኛ ጀበና በአብዛኛው የሚተኮሰው ሜዳ ላይ፣ በእንጨትና በኩበት እሳት ነው። ስለዚህ ገላው በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነውና ውሃ ይጠጣል። ውሃ የጠጣ ጀበና በድንገት ኃይለኛ እሳት ላይ ሲወጣ፣ ውስጡ የገባው ውሃ እንፋሎት ሆኖ መውጫ ይፈልጋል። ካጣ ግድግዳውን ይገፋዋል። ማሟሸት የሚባለው ነገር ዋና ሥራው እነዚያን ጥቃቅን ቀዳዳዎች መድፈን ነው። የአፈሩን ጣዕም ማጥፋቱ ተጨማሪ ጥቅም ነው።

አዲሱን ጀበና ከማሟሸትሽ በፊት ፈትሺው። በጣትሽ አንጓ ሆዱን አንኳኪው። ደህና ጀበና ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ የታፈነ ነው። ከዚያ ውሃ ሞልተሽ ደረቅ ወረቀት ላይ አስቀምጪው። ገላው በሙሉ ቢያልበው አትደንግጪ፣ አዲስ ሸክላ እንደዚያ ነው። እርጥበቱ በአንድ ቀጭን መስመር ብቻ ከታየ ግን ስንጥቅ አለውና ሻጩ ዘንድ መልሺው። ላዩ የሚያብረቀርቅ ቀለም ወይም ቫርኒሽ የተቀባውን ደግሞ ለጌጥ ተዪው። እሳት ሲያገኘው ይሸታል።

አሁን ወደ ማሟሸቱ። በንጹህ ውሃ ብቻ አለቅልቂው። ሳሙና አታስነኪው። ሸክላው ሳሙናውን ይጠጣና ቡናሽ ላይ ይመልሰዋል። ከዚያ አፉን ከፍተሽ አየር በሚያገኝበት ቦታ ሁለት ቀን ያህል ይድረቅ። እስከዚያው የቡና አተላ አጠራቅሚ። ቤት ከሌለ ከጎረቤት ለምኚ፤ አተላ የሚከለክል የለም። አተላው ከቆየ እንዳይሻግት አድርቀሽ አስቀምጪው።

ጀበናው ሲደርቅ ሦስትና አራት እፍኝ አተላ ክተቺና እስከ ሆዱ ሁለት ሦስተኛ ውሃ ሙዪበት። እሳቱ አመድ የለበሰ ፍም ይሁን፣ የሚንቀለቀል አይሁን። ቀስ ብሎ መሞቅ አለበት። እስኪፈላ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ደስ ይበልሽ። ከፈላ በኋላ በዝግታ አንድ ሰዓት ያህል ይንተክተክ፤ ውሃው ካነሰ የሞቀ ውሃ ጨምሪበት። ሲበቃ አታንሺው። ፍሙ እየሞተ ሲሄድ እዚያው ምድጃው ላይ ይቀዝቅዝ። በማግስቱ አተላውን ድፊና በአዲስ አተላ ድገሚው። ውጭው ማላቡን ሲተው፣ ውሃውም አፈር አፈር ማለቱን ሲያቆም ተሟሽቷል። ለአንዱ ሁለት ጊዜ ይበቃዋል፣ ሌላው አራት ጊዜ ይፈልጋል። እንደ ሸክላው ነው። የመጀመሪያውን ቡና ግን እንግዳ ላይ አትሞክሪው።

አንዳንዶች በሩዝ ውሃ ወይም በቀጭን አጥሚት ያሟሻሉ። ስታርቹ ቀዳዳውን ጥሩ አድርጎ ይደፍናል። ችግሩ የጀበና አንገት ጠባብ ነው፤ ታቹ ላይ ካረረ እጅ አይገባም፣ በደንብ ካልደረቀም ይሻግታል። እኔ አተላን እመርጣለሁ። ውጭውን ለብ ሲል በትንሽ ዘይት የሚያብሱም አሉ። መልኩን ያሳምረዋል፤ አተላውን ግን አይተካም።

አሁን ያንቺ ጋዝ። የጋዝ ነበልባል ሙቀቱን አንድ ቦታ ላይ ያተኩራል፣ ፍም ግን ታቹን በሙሉ ያቅፋል። ልዩነቱ ይኸው ነው። ስለዚህ በነበልባሉና በጀበናው መካከል ወፍራም የብረት ሳህን ወይም ያረጀ የብረት መጥበሻ አስገቢ። ብረቱ ሙቀቱን ያዳርሰዋል። ውሃ ሳትጨምሪ አትጣጂው። ከጣድሽም በኋላ አስር ደቂቃ ያህል በመጨረሻው ዝቅተኛ እሳት ተዪው፣ ከዚያ በትንሽ በትንሹ ጨምሪ። ነበልባሉ የብረቱን ጠርዝ አልፎ ሆዱን እየላሰ ከሆነ ቀንሺው።

ከሰል ነው ብለሽም አትዘናጊ። ከሰሉ ገና እየተቀጣጠለ ጀበና መጣድ አንድ ስህተት ነው። ሌላው ማራገብ ነው። ማራገቢያው ሁልጊዜ ከአንድ አቅጣጫ ሲመጣ በዚያ በኩል ያለው ፍም ይቀላል፤ ጀበናውም በዚያ ጎን ብቻ ይግላል። እየዞርሽ አራግቢ፣ ወይም ጀበናውን አዙሪው። በነገራችን ላይ፣ በተዘጋ ክፍል ከሰል አታንድጂ። ጭሱ ባይታይም ሰው ይገድላል።

እንዳየሁት ብዙ ጀበና የሚሄደው በአቦልና በቶና መካከል ነው። አቦል ተቀድቶ ሲያልቅ ውስጡ የቀረው አተላና ትንሽ ፈሳሽ ብቻ ነው፤ ሸክላው ግን በጣም ግሏል። እዚያ ላይ ከባልዲ የተቀዳ ቀዝቃዛ ውሃ ሲንዶለዶል ታቹ በአንዴ ይሸማቀቃል። የመጀመሪያውም ጀበናሽ በዚህ ተነክቶ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ በጣም ቀጭን ስንጥቅ ይፈጠራል፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይረዝማል፣ አንድ ቀን ጋዙ ላይ «ጭስስ» የሚል ድምፅ ትሰሚያለሽ። መፍትሔው ቀላል ነው። ማንቆርቆሪያ ላይ የሞቀ ውሃ ከአጠገብሽ ይኑር። አቦሉን ከቀዳሽ በኋላ ጀበናው ማቶቱ ላይ ትንሽ ይረፍ፣ ከዚያ የሞቀውን ውሃ ጨምረሽ መልሰሽ ጣጂው። የጋለ ጀበና ሴራሚክ ወለል ወይም እርጥብ ጠረጴዛ ላይ በቀጥታ አይቀመጥም። ማቶት ለጌጥ ብቻ አይደለም የተሠራው። ሲገነፍልም ገላው ላይ የሚወርደው ፈሳሽ እንዲሁ ይጎዳዋልና ውሃውን እስከ አንገቱ አትሙዪ።

ለማጠብ አተላውን ውስጡ አታሳድሪ። ጀበናው ለብ ሲል በለብታ ውሃ አለቅልቂው። ውስጡ ከሻከረ ወይም ከሸተተ አንድ እፍኝ ደረቅ ጨውና ትንሽ ውሃ ጨምረሽ ደህና አድርገሽ ናጪው፤ ከዚያ በደንብ አለቅልቂው። ጥቁረቱን እንዳለ ተዪው፣ ያ ነው የተደፈነው ቀዳዳ። መጀመሪያ ውሃው እስኪንጠፈጠፍ ዘቅዝቂው፣ ከዚያ ቀጥ አድርገሽ ያለ ውታፍ አድርቂው። እንደተደፋ ካደረ እርጥበቱ ውስጡ ይታፈናል። ቀድሞ ሳሙና ከገባበት ንጹህ ውሃ እያፈላሽ ሽታው እስኪለቅ መድፋት ነው።

የተሰነጠቀውን በማጣበቂያ አትለጥፊው። ሙጫው እሳት አይችልም፣ ወደ ቡናውም ይገባል። ስንጥቁ አንገቱ ላይ ቢሆን ኖሮ ትንሽ ጊዜ ያገለግልሽ ነበር። ታቹ ላይ ከሆነ ግን የፈላ ቡና ጭንሽ ላይ ሳያፈስ አሰናብቺው።