የጀርመን የደመወዝ ወረቀት ወደ አማርኛ ሲመለስ

ጥያቄ፦ በጀርመንኛ ቋንቋ ተመርቄ ሥራ እየፈለግሁ ነው። አንድ የትርጉም ቢሮ ለፈተና በስልክ የተነሣ የጀርመን የደመወዝ ወረቀት ሰጥቶኛል፤ በቀለብ ክርክር ለፍርድ ቤት እንደሚቀርብ አድርጌ ወደ አማርኛ እንድመልሰው ነው የተጠየቅሁት። «ኪርሸንሽቶየር»ን አሥራት፣ «ሽቶየርክላሰ»ን የግብር ደረጃ ብያቸዋለሁ። የአንዱ ተቀናሽ አኃዝ ደግሞ በወረቀቱ እጥፋት ላይ ጠፍቷል። ከማስረከቤ በፊት ምን ላርም? ቢሮውስ ምን ሊያይብኝ ይፈልጋል?

መልስ፦ ቢሮው ጀርመንኛሽን ከዲፕሎማሽ አይቶታል። የሚፈትንሽ ሌላ ነገር ነው፤ አማርኛውን ብቻ የሚያነብ ዳኛ ስለ ደመወዙ ባለቤት የመክፈል አቅም የተሳሳተ ድምዳሜ ላይ እንዳይደርስ ማድረግ ትችያለሽ ወይ? ስለዚህ ቃላቱን ከመዝገበ ቃላት ጋር ከማመሳከርሽ በፊት ቁጥሮቹን ተከተይ።

ወረቀቱ ላይ ያለው ጠቅላላ ደመወዝ 2.850,00 ነው እንበል። ጀርመኖች ሺሕን በነጥብ፣ ሳንቲምን በነጠላ ሰረዝ ይለያሉ፤ በእኛ ልማድ 2,850.00 ዩሮ ብለሽ ትጽፊዋለሽ። በደበዘዘ ፎቶ ላይ ነጥቡና ሰረዙ ስለሚመሳሰሉ አጻጻፉን አንዴ ወስነሽ በገጹ ሁሉ በዚያው ሂጂ። ዩሮውን ግን ወደ ብር አትመንዝሪ፤ እሱ የተርጓሚ ሥራ አይደለም። የወሩንም ስም ተጠንቀቂ። «ሜርትስ 2025»ን መጋቢት 2017 ብትይው የወሩ የመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ቀናት በየካቲት ስለሚወድቁ ትክክል አይሆንም፤ «ማርች 2025 እ.ኤ.አ.» በይው።

አሁን ወደ አሥራት እንምጣ። በእኛ አገር አሥራት ምእመኑ በፈቃዱ ከገቢው አንድ አሥረኛ የሚሰጠው ነው። ዳኛው ይህን ቃል ሲያነብ «ሰውየው ወድዶ የሚሰጠው ገንዘብ ስለሆነ ከአቅሙ ላይ አይቀነስለትም» ቢል አይፈረድበትም። የጀርመኑ ተቀናሽ ግን በሕግ የቆመ ግብር ነው። የቤተ ክርስቲያን አባልነቱ ከተመዘገበ ሠራተኛ ላይ አሠሪው ቀንሶ ለግብር ባለሥልጣኑ ያስገባዋል፤ ሠራተኛው ነጻ የሚሆነው ከአባልነት መውጣቱን በይፋ ካስመዘገበ ብቻ ነው። ስሌቱም ቢሆን ከደመወዙ አይነሣም። ከገቢ ግብሩ ላይ በባየርንና በባደን ቩርተምበርግ 8፣ በሌሎቹ ክፍላተ ሀገር 9 በመቶ ይወሰዳል። የሰውየው የገቢ ግብር 268.75 ዩሮ ከሆነ የዚህ 9 በመቶ የሳንቲም ሽራፊው ሲጣል 24.18 ነው፤ አሥራት ቢሆን ኖሮ 285 ይሆን ነበር። «የቤተ ክርስቲያን ግብር» ብለሽ ተርጉሚውና ከታች በአንድ ዓረፍተ ነገር «በሕግ የተጣለ፣ በአሠሪው በኩል የሚሰበሰብ» የሚል የተርጓሚ ማስታወሻ አክዪበት። ማስታወሻው ከዚህ አይርዘም፤ የጀርመንን የግብር ታሪክ የጠየቀሽ የለም።

የግብር ደረጃም ተመሳሳይ ወጥመድ ነው። አማርኛ አንባቢ «ደረጃ» ሲል የሚያስበው ደረጃ ሀ እና ደረጃ ለ ግብር ከፋይን ነው፤ ማለትም ነጋዴውን በዓመታዊ ሽያጩ መጠን መመደብን። «የግብር ደረጃ 1» ካልሽ ሰውየውን ከትልልቆቹ ነጋዴዎች ተርታ ልታሰልፊው ነው። የጀርመኑ ክፍፍል ስለ ገቢ መጠን የሚናገረው የለም፤ መሠረቱ በዋናነት የጋብቻ ሁኔታ ነው። አንደኛው ያላገባ፣ የተፋታ ወይም ከትዳር ጓደኛው ተለይቶ የሚኖር ሠራተኛ ይመደብበታል። «የግብር መደብ 1» ማለት ይሻላል።

ከዚያ በኋላ የሚመጡት አራት የማኅበራዊ መድን ተቀናሾች ናቸው፤ በዚህ ደመወዝ ላይ በ2025 ልክ ጡረታ 9.3 በመቶ ሆኖ 265.05፣ ሥራ አጥነት 1.3 በመቶ ሆኖ 37.05፣ የጤና መድን 243.68፣ የእንክብካቤ መድን 68.40 ዩሮ። ጡረታው ለአንባቢሽ እንግዳ አይደለም፤ የእኛ የግል ድርጅት ሠራተኛ 7፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣል፣ በጀርመን ግን ሁለቱ እኩል ይከፍላሉ። ይህን ልዩነት ማስታወሻ አታድርጊው፤ ወረቀቱ የሠራተኛውን ድርሻ ብቻ ስለሚቀንስ ንባቡን አያሳስትም። የሚያስቸግረው የእንክብካቤ መድኑ ነው። ብዙ ጀማሪዎች ከጤና መድኑ ጋር ደርበው አንድ መስመር ያደርጉታል ወይም «የነርስ አገልግሎት» ይሉታል። ሰው በእርጅና ወይም በሕመም ራሱን መርዳት ሲያቅተው የሚደግፈው፣ ለብቻው የቆመ መድን ነውና «የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድን» በይው፤ መስመሩንም ለብቻው አቆዪው።

እዚህ መስመር ላይ ዓይንሽ የሚጣበቅበት አንድ ነገር ልታገኚ ትችያለሽ። 68.40 ከ2,850 ላይ 2.4 በመቶ ነው። ይህ ዕድሜው 23 የሞላ፣ ልጅ እንዳለው ያላስመዘገበ ሠራተኛ የሚከፍለው ነው፤ አንድ ልጅ ያለው 1.8 በመቶ ብቻ ይከፍላል። በቀለብ ክርክር ውስጥ እንዲህ ያለ አኃዝ ምን እንደሚመስል ይገባኛል፤ እኔም ብሆን እጄን ያሳክከኝ ነበር። ቢሆንም ተርጓሚ ምስክር አይደለም። ያለውን አስቀምጪ፤ መጠየቅ የጠበቃው ፋንታ ነው።

የጠፋው አኃዝ ላይ ሒሳብ ይረዳሻል። የጠፋውን በተመኑ አስልተሽ ብታስገቢው የሁለቱ ግብሮች ድምር 292.93፣ የአራቱ መድኖች 614.18፣ አንድ ላይ 907.11 ነው። ከ2,850 ሲቀነስ የተጣራው 1,942.89 ይሆናል። ወረቀቱ ላይ ያለው የተጣራ ደመወዝ ከዚህ ጋር ከገጠመ የተቀሩትን ቁጥሮች በትክክል አንብበሻል ማለት ነው፤ በእጥፋቱ ውስጥ ያለውም ምን መሆን እንዳለበት ታውቂያለሽ። ነገር ግን አስልተሽ ያገኘሽውን ቁጥር እንደተነበበ አድርገሽ አትጻፊ። በቦታው «[አኃዙ በፎቶው ላይ አይነበብም]» በይ፤ ስሌቱን ለራስሽ መፈተሻ ያዢው። አዲስ ተቀጣሪ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ባዶ ቦታ ስለሚያሳፍረው ይሞላዋል።

ወደ ታች ስትወርጂ ሁለት ድምሮች ይጠብቁሻል፦ የተጣራ ደመወዝና ወደ ባንክ የሚላከው ገንዘብ። ሁለቱን አንድ አድርጎ መተርጎም የተለመደ ስህተት ነው። ሰውየው 150 ዩሮ ቀድሞ ወስዶ ከሆነ የሚላከው 1,792.89 ነው፤ የተጣራ ደመወዙ ግን አልቀነሰም። በብዙ ቅጾች ላይ የመቀነሻ ምልክቱ ከቁጥሩ በኋላ «150,00-» ተብሎ ይታተማል፤ የፎቶው ጠርዝ ከቆረጠው ደግሞ ተቀናሹ ጭማሪ መስሎ ይታያል። ከጎን ያለው የዓመቱ ድምር ዓምድም በተቆረጠ ፎቶ ላይ ከወሩ ዓምድ ጋር ስለሚቀላቀል ራስጌውን ሳታዪ ከዚያ ቁጥር አትውሰጂ።

ስታስረክቢ ከትርጉሙ ጋር አጭር ደብዳቤ አያይዢ። የትኛው መስመር እንዳልተነበበ፣ የወረቀቱ ጠርዝ ሁሉ የሚታይበት ሌላ ፎቶ ወይም ቅኝት እንደሚያስፈልግሽ፣ የግብር መደብንና የቤተ ክርስቲያን ግብርን ለምን በእነዚህ ቃላት እንደመለስሽ በሦስት በአራት መስመር ጻፊ። የፈተና ወረቀት ነው ብለሽ አትተዪው፤ እውነተኛ ደንበኛ ቢሆን በመጀመሪያው ቀን የምትልኪው ይህንኑ ነው።