ሳክስፎኑን ተወውና የስንኙን መጨረሻ ስማ

«ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ሚኒባስ ውስጥ የሰማሁት ዘፈን ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ቀዝቀዝ ያለ፣ ሳክስፎን ያለበት፣ የሴት ድምፅ። ጓደኛዬ ‹የድሮ ዘፈን ነው፣ እሷ ደግማው ነው› አለኝ። ዋናውን በምን ልለየው?»

ወንድሜ፣ ፒያሳ ካሴት ስሸጥ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ሰው ሁሉ እንዳንተ ነበር የሚመጣው። ስም አያውቅም፣ «ሳክስፎን ያለበት» ይላል።

ሳክስፎኑና ቀዝቃዛው ምት የአቀናባሪው ሥራ ነው። ያው ዜማ ሌላ አቀናባሪ እጅ ሲገባ በማሲንቆ ሊጨፈርበት ይችላል። ስለዚህ ዋናውን ስትፈልግ ሳክስፎን ያለበት አትፈልግ፤ ላይኖረው ይችላል። «ሳክስፎን ካለው የድሮ ነው» ማለትም አያስኬድም። የ1960ዎቹና የ70ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባንዶች በትንፋሽ መሣሪያ የታወቁ ናቸው፤ የዛሬ ልጆችም ያንን ድምፅ ወደውት ሆን ብለው ይመልሱታል።

መጀመሪያ የሰማኸውን ቅጂ ያዝ። ዘፈኑ እንደገና ሲያጋጥምህ ሻዛም ክፈትበት። ሻዛም የሚለየው የተቀዳውን ድምፅ ራሱን ነው፤ ብታንጎራጉርለት አያውቀውም። ካገኘው የሚሰጥህ የደገመችውን ሴት ስም ነው፤ ዋናውን አይነግርህም። ግን ስሙ ከተገኘ ግጥሙ ይገኛል፣ ሥራው የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው። ሁለት ስንኝ በጽሑፍ ፈልግና ሌሎች ቅጂዎችን ሰብስብ። ዩቲዩብ ላይ የምታየው ቀን ቪዲዮው የተጫነበት እንጂ ዘፈኑ የወጣበት አይደለም፤ በሱ አትመን።

አሁን ዋናው ነገር። አማርኛ «አንተ»ና «አንቺ»ን በግሱ መጨረሻ ይለያል። ወንድ ለሴት የዘፈነውን ሴት ስትደግመው «ሽ» ወደ «ህ» ይቀየራል። ያኔ ቤት አልመታ የሚል ቦታ ይፈጠራል። ለማሳያ እኔ የገጠምኩትን ልጻፍልህ፦

ስንት ደብዳቤ ጻፍኩ፣ የለውም ምላሽ፤
ሐረጎን ስትወርጂ ማን እኔን አስረሳሽ?

«ምላሽ» እና «አስረሳሽ» ቤት ይመታሉ። ሴቷ ስትዘፍነው «ሐረጎን ስትወርድ ማን እኔን አስረሳህ» ትላለች። «ምላሽ» ግን ስም ነው፣ አብሮ አይለወጥም። ቤቱ ፈረሰ። እንዲህ ያለ ቦታ ሦስት አራቴ ካገኘህ፣ ግጥሙ በመጀመሪያ ለወንድ ዘፋኝ ተጽፎ ኋላ ተለውጧል ማለት ነው።

አንድ ጊዜ አንድ ደንበኛ ልክ እንዳንተ ቀዝቃዛ የሴት ዘፈን ጠየቀኝ። በጥሩምባው ተሸውጄ «ይሄ ነው የድሮው» ብዬ ሸጥኩለት። በሳምንቱ በወንድ የተዘፈነ፣ በጣም ፈጣን ካሴት ይዞ መጣ፤ «የቱ ነው ልጁ፣ የቱ ነው አባቱ?» አለኝ። ሁለቱንም ተራ በተራ እያጫወትን ስንኞቹን ወረቀት ላይ ጻፍናቸው። የወንዱ ግጥም ከላይ እስከ ታች ቤቱን ይመታል። የሴቷ ሁለተኛው አንጓ ላይ ሁለት ቦታ ይሰበራል፣ አንድ አንጓም ጭራሽ ተዘሏል። ከዚያ ሽፋኖቹን ገልብጠን አየን። በወንዱ ላይ ግጥም፣ ዜማና ቅንብር ለየብቻ ስም አላቸው። በሴቷ ላይ የተጻፈው ቅንብር ብቻ ነበር። ገንዘቡን መለስኩለት።

ይህ ዘዴ የማይሠራበትም አለ። ጎበዝ ገጣሚ ስንኙን ሙሉ በሙሉ አስተካክሎ ይጽፈዋል፤ ያኔ ስብራት አታገኝም። አንዳንድ ሴት ዘፋኝ ደግሞ «አንቺ»ን እንዳለ ትተወዋለች፤ እንዲያውም ያ ራሱ ጥሩ ምልክት ነው። ዘፋኞቹ ሁለቱም ወንዶች ወይም ሁለቱም ሴቶች ከሆኑ ግን የሚፈርደው ሽፋኑ ነው። ዲጂታል ከሆነ አልበሙ የወጣበትን ዓመትና የግጥምና የዜማ ደራሲውን ስም ፈልግ።

የሕዝብ ዘፈን ሲሆን ደግሞ ጥያቄው ራሱ ይለወጣል። «ኩሉን ማን ኳለሽ»ን ውሰድ። ጥላሁን ገሠሠ ዘፍኖታል፤ ሙላቱ አስታጥቄም በ1972 (እ.ኤ.አ.) ኒውዮርክ በተቀዳው አልበሙ ላይ በመሣሪያ ብቻ ሠርቶታል። ከነሱ በፊት ግን ሠርግ ቤት ነበረ። እዚያ ላይ ዋና ቅጂ የሚባል የለም፤ መጠየቅ የሚቻለው ማን ቀድሞ ቀዳው ብቻ ነው። የኛ የወሎ ዜማዎችም ብዙዎቹ እንዲሁ ናቸው። ባቲና አምባሰል የቅኝት ስም ስለሆኑ፣ ባንዱ ቅኝት የተዘፈኑ ሁለት ዘፈኖች እህትማማች ይመስላሉ፤ ሽፋን ላይ ቅኝቱ አንድ ስለሆነ ብቻ «ተደገመ» እንዳትል። ዜማው የሚወጣበትና የሚያርፍበት ቦታ፣ ግጥሙም መመሳሰል አለበት።

ለጊዜው ያስታወስከውን ዜማ በድምፅ መልእክት አንጎራጉርና እዚህ ላከው። ካስታወስከው ምት በእጥፍ አፍጥነህም አንዴ ድገመው፤ ምቱ ስለተቀየረ ብቻ የማይለዩት ዘፈን ሲፈጥን ቶሎ ይታወቃል። አንድም ስንኝ ትዝ ካለህ፣ ያለቀበትን ቃል ሳትለውጥ ጻፈው።